የሙክቱን ነገር አታንሳ

ገዛኸኝ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንደኛ ሚዜው እንድሆን ለምን እኔን መረጠኝ? ህንድ አገር ሳለሁ ደውሎ «ጥር ላይ አገባለሁ፤ አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ» ሲለኝ ደስ ከመሰኘት በቀር ምንም አልጠየቅኩትም። ጥያቄው የመጣብኝ ያደግንበት ቆቦ ከገባሁ በኋላ ነው። የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ሊጀመር ሲል አጎቴ አዲስ አበባ ወሰደኝ፤ ከዚያ ህንድ ሄድኩ። እሱ እዚሁ የውሃ ፓምፕ ሲፈታና ሲገጥም አስራ ሦስት ዓመት አለፈ። አብረውት የሚውሉ፣ ሰርጉን ሲደግሱ እንቅልፍ ያጡ ጓደኞች አሉት። እኔ ከሰርጉ አራት ቀን ቀድሜ የመጣሁ፣ የሰፈሩን አዲስ መንገድ የምጠይቅ እንግዳ ነበርኩ።

ለማንኛውም ሥራዬን አጥብቄ ያዝኩ። የሚዜ ንግግር የሚደረገው ሰኞ፣ በመልሱ ዕለት፣ በሙሽራዋ አባት ግቢ ነው። በሰርጉ ቀን ሁለቱ ቤተሰቦች በየዳሳቸው ስለሚውሉ አንድ ላይ የሚገኙት በመልሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ይበላል። ሰው ጠግቦ ጭፈራው ሳይጀመር ሚዜው ይነሳል። ከአራት ደቂቃ ካለፈ ሕፃናቱ መሯሯጥ ይጀምራሉ፤ ሽማግሌዎቹም የራሳቸውን ወሬ ይቀጥላሉ። ይህን ሁሉ አስቤ ንግግሬን በሦስት ትናንሽ ካርዶች ጻፍኩት። የመጀመሪያው ካርድ ማን እንደሆንኩ ይናገራል፤ ሁለተኛው አንድ ታሪክ ይዟል፤ ሦስተኛው ሙሽራዋን፣ እናቷንና ምኞቴን።

አንድ ታሪክ ብቻ። ሁለት ከሆነ ሰው የትኛው ላይ እንደሚስቅ ይጠፋዋል።

ሰኞ ጠዋት ንግግሩን ጮክ ብዬ የማነብለት ሰው ፈለግኩ። የጻፉትን ነገር በሌላ ሰው ጆሮ ሳይሰሙ መድረክ መውጣት ሞኝነት ነው። የገዛኸኝ ታላቅ እህት ወይንሸት ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ አገኘኋት።

«እትዬ ወይንሸት፣ ለአራት ደቂቃ ስሚኝ።»

«አራት ደቂቃ ካለህ ብርጭቆ አድርቅ። እያደረቅክ አንብብ።»

አነበብኩ። የመጀመሪያውን ካርድ ስጨርስ ሳቀች። «ጥሩ ነው» አለችኝ፤ «ግን ቶሎ ወደ እንስሳ ግባ። ልጅ የሚስቀው በእንስሳ ነው፤ ሽማግሌ የሚስቀው በሚያውቀው ሰው ነው። ሴቶቹ ደግሞ እናቷን ካላመሰገንክ ጥርሳቸውን አያሳዩህም።»

«እንስሳ አለ። ሙክት ነው።»

ሁለተኛውን ካርድ ማንበብ ጀመርኩ። በ1990 መስከረም መጀመሪያ፣ የሙሽራዋ አባት ጋሽ ሕሉፍ ለመስቀል ያሰቡትን የሰባ ሙክት ገዛኸኝ ሊጋልብ ፈትቶ ወሰደው። የዋናው መንገድ ዳር፣ አንድ ጨው የጫነ አይሱዙ የኋላ በሩን ከፍቶ ከአንድ የአፈር ቁልል ጋር ተጠግቶ ቆሟል። ፍየል ጨው ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ሙክቱ በቁልሉ ወጥቶ መኪናው ላይ ገባ። ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሙክቱም ያለ ትኬት ወልድያ ሄደ። «ገዛኸኝ ከዚህ ቤት ሙክት ወስዶ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ልጃቸውን ወሰደ» የሚለው ትልቁ ሳቅ ነበር።

ቀና ስል ወይንሸት እጇን ከውሃው አውጥታለች።

«ያንን ሙክት የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አዎ። ምነው?»

«ዮሴፍ፣ ያ ሙክት የሁለት ሰው ጎረቤትነት ይዞ ነው የሄደው።» በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ሕሉፍ ‹የሰረቀኝ ጎረቤቴ ሸረፈዲን ነው› አለ። አጥሩ የተከፈተው በእሱ በኩል ነበር። ገመዱም የተገኘው ከእሱ ግቢ ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አያ ሸረፈዲን ቁርኣን ይዞ ማለ። ጋሽ ሕሉፍ ግን አልተቀበለውም። ፋሲካና ኢድ ሲጠራሩ የኖሩ ሰዎች ከዚያ ወዲህ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይባባሉም። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለውን የቆርቆሮ አጥር አላየኸውም?»

አይቼዋለሁ። ሀብት የጨመረ ሰው ያቆመው መስሎኝ ነበር።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። አጥሩን ቀዳድጄ የገባሁት በአያ ሸረፈዲን በኩል ነበር፤ በጋሽ ሕሉፍ በር ላይ ውሻ ስላለ። ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ። እዚያው ግቢ የወረወርኩትም እኔ ነኝ። ገዛኸኝ መንገድ ላይ ሆኖ ሲጠብቀኝ ነበር። በካርዱ ላይ እሱን ያደረግኩት ሙሽራው እሱ ስለሆነ ነው፤ በሚዜ ንግግር ጥፋቱ የሙሽራው ሲሆን ሳቁ ይደምቃል። አይሱዙው በሄደ በሳምንቱ አጎቴ መጥቶ ወሰደኝ። የቀረውን አላየሁም። ማንም አልጻፈልኝም።

«አያ ሸረፈዲን ዛሬ ይመጣሉ?» አልኳት።

«የገዛኸኝ ማስተር አይደል? ሙያ ያስተማረው እሱ ነው። ከሙሽራው ሽማግሌዎች ጋር ይገባል። ወደዚያ ግቢ ሲገባ ከስንት ዓመት በኋላ መሰለህ። እባክህ።»

ገዛኸኝን ያገኘሁት ካባውን ለብሶ መስታወት ፊት ቆሞ ነው። ሁለተኛውን ሚዜ አስወጣሁና ካርዱን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ተቀመጠ።

«የሙክቱን ነገር አታንሳ።»

«አንተ ታውቅ ነበር? በአያ ሸረፈዲን እንደተሳበበ?»

«ከተማው የሚያውቀውን እንዴት አላውቅም?»

«አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ እጃቸው ላይ እየበላህ?»

«አትጩህ!» በሩን አየ። «እሳቸው ዘንድ የገባሁት ልነግራቸው ነበር። አንተ በሄድክ በዚያው ዓመት። ዛሬ ነገ ስል መፍቻ አስያዙኝ። ዛሬ ነገ ስል ሙያ አስተማሩኝ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ? አንተ ህንድ ሆነህ ቀላል ነው።»

«ታዲያ ለምን እኔን ሚዜ አደረግከኝ?»

ካርዱን አጠፈው። «ከእኔ ሌላ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። የሚያውቅ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሚያወራ ከጎኔ ቆሞ ዝም ቢል ይሻላል ብዬ ነው። ሚዜ የሙሽራን ገመና ይሸፍናል። ማልልኝ።»

ማልኩለት። የመረጠኝ ወዶኝ እንዳልሆነ ማወቄ ቆጥቆጥ ቢያደርገኝም ማልኩ። ሁለተኛውን ካርድ ቀድጄ ኪሴ ከተትኩ። በቦታው ሌላ ታሪክ ጻፍኩ፦ ገዛኸኝ ራሱ ያጫወተኝን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ስለገጠመው ፓምፕ። የማይጎዳ፣ የሚያስቅ፣ አጭር።

ዳሱ ሙሉ ነበር። ሙሽሮቹ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ሙሽራዋ ዳናይት ካባዋ ከብዷት በየጊዜው ትከሻዋን ታንቀሳቅሳለች። በቀኝ በኩል ጋሽ ሕሉፍና ባለቤታቸው እትዬ መብራት ከዘመዶቻቸው ጋር፤ አንዳንዶቹ ከማይጨውና ከአላማጣ የመጡ ናቸው። በግራ የእኛ ሽማግሌዎች። ከእነሱ ቀጥሎ ሙስሊም እንግዶች፤ በሬያቸው ለብቻ ታርዶ፣ ምግባቸው ለብቻ ቀርቦ፣ በጠጅ ፈንታ ብርዝ ተቀድቶላቸዋል። አያ ሸረፈዲን በጫፍ ተቀምጠዋል። ነጭ ኮፍያ፣ የተተኮሰ ጃኬት፣ ጥፍሮቻቸው ሥር የማይለቅ የግራሶ ጥቁረት። ከእሳቸው እስከ ጋሽ ሕሉፍ ያለው ርቀት ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለቱም አንገታቸውን ወደዚያ አላዞሩም።

ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ «አሜን» አልን። ዳቦው ተቆረሰ። ጠጅ ሲያቀርቡልኝ በከንፈሬ ብቻ ነካሁት፤ ሳይናገር የሚጠጣ ሚዜ አልወድም። የመድረክ መሪው ሙዚቃውን አስቀንሶ ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። ብርጭቆ የሌለው ሰው እንዳይኖር አስቀዳሁ፤ መጨረሻ ላይ «አንሱ» ስል ባዶ እጁን የሚያነሳ ሰው ያሳፍራል።

«እኔ ዮሴፍ እባላለሁ» አልኩ። «አብዛኞቻችሁ አታውቁኝም። የምታውቁኝም ረስታችሁኛል። ትናንት አንዲት እናት ‹ይሄ ፈረንጅ አማርኛ እንዴት ለመደ?› ሲሉ ሰማሁ።»

ሳቁ። እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤ ሳቅ ላይ የሚናገር ሰው ሁለቱንም ያጣል።

«ገዛኸኝ ጎበዝ መካኒክ ነው። ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በአስራ አምስት ዓመቱ አንድ ፓምፕ ለብቻው ፈትቶ ገጠመ። ሲጨርስ መሬት ላይ ሦስት ብሎን ተርፏል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኪሱ ከተታቸው። ፓምፑ ግን ተነሳ፤ ውሃ ረጨ! ገበሬው ጨፈረ። ማስተሩ አያ ሸረፈዲን መጥተው ኪሱ ሲንቃጨል ሰምተው፣ ‹ልጄ፣ ይሄ ፓምፕ እንደ አንተ ትርፍ ነገር አይወድም ማለት ነው› አሉት።»

ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሳቁ። አያ ሸረፈዲን ፈገግ ብለው ብርዛቸውን አነሱ። ያኔ ነው ስህተቴን ያወቅኩት። ያንን ስም በዚያ ዳስ፣ በማይክሮፎን፣ በምስጋና ጠርቼዋለሁ።

ጋሽ ሕሉፍ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ስማ ወደይ» አሉኝ፣ ልጄ ለማለት። «እዚያ ቤት የሚተርፍ ነገር እንደማይጠፋ እኛም እናውቃለን። ደግነቱ ዛሬ የታረደው በሬ ነው። በሬ በአጥር ቀዳዳ አያልፍም!»

በቀኝ በኩል አንዳንዶች ሳቁ። የገባቸው ሽማግሌዎች ግን መሬት አዩ። አያ ሸረፈዲን ብርዙን ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡት። በእርጋታ፣ ምንም እንዳይፈስ። ከዚያ ጃኬታቸውን ቆልፈው ተነሱ። ከጎናቸው የነበሩ ሁለት ሰዎችም አብረዋቸው ተነሱ። አንድ ሰው ሲሄድ መሄድ ነው፤ ሦስት ሰው ከመልስ ዳስ ብርጭቆ አስቀምጦ ሲወጣ ግን ከተማው ለሃያ ዓመት ያወራዋል። ዳናይት የገዛኸኝን እጅ ያዘች። ገዛኸኝ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ «ማልክልኝ» ይላል።

ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነው። አያ ሸረፈዲን ከበሩ የቀራቸው አምስት እርምጃ ነው።

«አያ ሸረፈዲን» አልኩ። «ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ቆሙ። አልዞሩም።

«ጋሽ ሕሉፍ፣ ታሪኬ አላለቀም። በ1990 መስከረም እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ የሰባ ሙክት ነበረ። እኔ አስራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ፈረሰኛ መሆን ፈልጌያለሁ፤ ፈረስ ግን የለኝም።» አንድ ሕፃን ሳቀ። የዚያ ሕፃን ሳቅ እንደ ምርኩዝ ሆነኝ። «በበሩ በኩል ውሻ ስላለ በአያ ሸረፈዲን አጥር ሾልኬ ገባሁ። ፈታሁት። ገመዱን እዚያው አያ ሸረፈዲን ግቢ ወረወርኩ። መንገድ ዳር ስደርስ ልጋልበው ወጣሁ፤ ወዲያው ወደቅኩ፤ እንደገና ወጣሁ፤ እንደገና ወደቅኩ። ሙክቱ ሰለቸው። ጨው የጫነ አይሱዙ አየ። ከእኔና ከጨው ጨውን መረጠ።»

አሁን ሕፃናቱ ብቻ አይደሉም የሚስቁት። አንዲት አሮጊት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል።

«ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሙክቱ ሮቢትን አለፈ፣ ጎብዬን አለፈ። እኔ ከቆቦ ወጥቼ ትምህርቴን ለመጨረስ አስራ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሱ ወልድያ የገባው ለምሳ ነው።»

ሳቁ ትልቅ ነበር። እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤ ከዚያም ሳቁ ካለቀ በኋላ ትንሽ ጠበቅኩ። ጸጥታው ያስፈልገኝ ነበር።

«እኔ በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። እዚህ የሆነውን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ጋሽ ሕሉፍ፣ አያ ሸረፈዲን ሙክትዎን አልነኩም። የማሉት እውነት ነው።»

እትዬ መብራት «በስመ አብ» አሉ። ጋሽ ሕሉፍ ፊታቸው ጠቆረ። ምን ሊሉ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ዝም ብዬ ብጠብቅ የሚመጣውን መገመት አልቻልኩም። ስለዚህ ሦስተኛውን ካርድ ሳላይ ቀጠልኩ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አባቶቻችን ሚዜ ሲመርጡ ለሙሽራይቱ ወንድም እንዲሆን አስምለው ነው። ባሏ ቢበድላት ቀድማ የምትሄደው ሚዜው ዘንድ ነው። እህቴ ዳናይት፣ ዛሬ ወንድምሽ ነኝ። የአንቺ አባት አባቴ ናቸው፤ እናትሽ እትዬ መብራት፣ እንዲህ ያለች ልጅ አሳድገው ስለሰጡን፣ እናቴ ናቸው። ልጅ ለአባቱ መጀመሪያ የሚነግረው ጥፋቱን ነው። ነገርኳቸው። ቤታችሁ እንግዳ የማይወጣበት ይሁን። ብትጣሉም ብርጭቆ ከመቀመጡ በፊት ታረቁ። ጠጅ የያዘ ጠጁን፣ ብርዝ የያዘ ብርዙን፣ ልጆችም ለስላሳችሁን አንሱ። ለገዛኸኝና ለዳናይት!»

«ለገዛኸኝና ለዳናይት» ያለው ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ጋሽ ሕሉፍን ያያል።

ጋሽ ሕሉፍ ተነሱ። ወፍራም ሰው ናቸው፤ ወንበሩ አብሯቸው ሊነሳ ነበር። ሰባቱን እርምጃ ሄደው በሩ አጠገብ ደረሱና ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ሸረፈዲን።»

«አቤት።»

«ምሎ የሚዋሽ ሰው አድርጌ ይዤህ ኖሬያለሁ።»

«አዎ፣ ይዘኸኛል።»

«ይቅር በለኝ በልጄ ቀን።»

አያ ሸረፈዲን የቆለፉትን ጃኬት ፈቱ። ከዚያ «አላህ ይቅር ይበለን» አሉ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። ጋሽ ሕሉፍ እጃቸውን ይዘው ከራሳቸው አጠገብ አስቀመጧቸው፤ ብርዙንም በገዛ እጃቸው አመጡላቸው። ወይንሸት ከዳሱ ጥግ ሆና አለቀሰች። እኔ ማይክሮፎኑን መልሼ ተቀመጥኩ። ገዛኸኝን በሙክቱ ታሪክ ውስጥ በአንዲት ቃል አልጠራሁትም። ቃሌን አፍርሼም ጠብቄዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጭፈራው ሲጀመር አያ ሸረፈዲን ወደ እኔ መጡ። እጄን ጨበጡ፤ መዳፋቸው እንደ አሸዋ ወረቀት ሻካራ ነው።

«ከዘገየም ደግ ነው፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅ ሳለህ ያለ ገዛኸኝ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ወጥተህ ታውቃለህ? ጧት ማታ አብራችሁ ነበር የማያችሁ።»

አይ ልል ነበር። አዎም ልል ነበር። ከሁለቱ አንዱን እስክመርጥ የፈጀብኝ ጊዜ ራሱ መልስ ሆነ።

«እሺ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እሺ፣ እሺ።»

ወደ ሙሽሮቹ መድረክ ወጡ። ዳናይትን ግንባሯን ሳሟት። የገዛኸኝን ካባ ከትከሻው አስተካከሉለት፤ እንደ አባት። ከዚያ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩት። አጭር ነገር ነው። የገዛኸኝ ፊት ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ። ሊነሳ ሲል በእጃቸው ትከሻውን ተጭነው መልሰው አስቀመጡት፤ ወርደውም ከጋሽ ሕሉፍ አጠገብ ተቀመጡ። እስከ መጨረሻው ቆዩ። ገዛኸኝ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አንድ ጊዜም አላየም። ለፎቶግራፍ ጎን ለጎን ስንቆም ክርኑ ክርኔን ሲነካ ሸሸ አለ።

ማክሰኞ ቤቱ ብሄድ ወይንሸት «ተኝቷል» አለችኝ፤ እኩለ ቀን ነበር። ረቡዕ በአያ ሸረፈዲን የፓምፕ መጠገኛ በኩል አለፍኩ። አያ ሸረፈዲን ብቻቸውን ቁጢጥ ብለው የፓምፕ ክዳን ይፈታሉ። ጋሽ ሕሉፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያወሯቸዋል። ሁለቱም በደስታ ሰላም አሉኝ። «ገዛኸኝስ?» ስላቸው አያ ሸረፈዲን ብሎኗን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው እያዩ፣ «እሱ ይመጣል፤ እኔ አላባረርኩትም» አሉ።

ሁለት ሰዎች ታርቀዋል። ሳስበው ትክክል ነው። ሳስበው ደግሞ አንድ ሰው ጊዜውን ጠብቆ በራሱ አፍ ሊናገረው የሚችለውን ነገር ነጥቄዋለሁ። ምናልባት አስራ ሦስት ዓመት ያልተናገረ ሰው መቼም አይናገርም ነበር። ምናልባት ካገባ በኋላ ሊነግራቸው ነበር። አላውቅም።

ረቡዕ ማታ ሻንጣዬን ዘግቼ ስልኬን አወጣሁ። ብዙ ጽፌ አጠፋሁ፤ ይቅርታ የሚል፣ ምክንያት የሚደረድር፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር የሚል። በመጨረሻ ይህን ላክሁለት፦

«ነገ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ቤትህ ልምጣ?»

መልስ ሳይመጣ ነጋ፤ ሻንጣዬን አንስቼ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።